ልብ ሲንጠለጠል፤ ያልተረጋገጠን ነገር መታገሥ አለመቻል የማያቋርጥ ሥጋት ሞተር ስለ መሆኑ

የሰው ሥጋት ሁሉ በአንዲት ፊደል ይጀምራል ቢባል ብዙ ስሕተት የለበትም። ይህችም ፊደል «ቢታመምስ»፣ «ቢቀርስ»፣ «ባይሳካስ» በምንልበት ጊዜ ከግሡ መጨረሻ የምትቀጠለው «ስ» ናት። ጥያቄ ትከፍታለች፤ መልሱን ግን አትሰጥም። አብዛኛው ሰው ጥያቄዋን ከሰማ በኋላ «እንግዲህ እናያለን» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። አንዳንዱ ግን መልሱን ሳያገኝ ማለፍ አይችልም፤ ልቡ እንደ ተንጠለጠለ ይውላል፣ እንደ ተንጠለጠለም ያድራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ እንዲህ ዐይነቶቹ ሰዎች፣ ይልቁንም በሕክምና ቋንቋ አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም የሚባለው ስላደረባቸው፣ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ከ30 ዓመት ወዲህ የደረሱበትን አንድ ሐሳብ ለማስረዳት ነው። የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ መናገር ይገባል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በሚያወጣው የሕመሞች መዝገብ ውስጥ ይህ ሕመም ራሱን ችሎ የተጻፈው በ1980 ሲሆን፣ ሥጋት ዋና ምልክቱ ሆኖ ቢያንስ 6 ወር መቈየት እንዳለበት የተወሰነው ደግሞ በ1987 ነው። ሥጋቱ በአንድ ነገር ላይ ብቻ ሳይሆን በብዙ ነገሮች ላይ የሚያርፍ፣ አብዛኛውን ቀን የሚገኝና ለመቈጣጠር የሚያስቸግር መሆን አለበት። ከዚህም ጋር ዕረፍት ማጣት፣ በቶሎ መድከም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ቍጡነት፣ የጡንቻ መወጠርና የእንቅልፍ መታወክ ከሚባሉት ስድስት ምልክቶች ቢያንስ ሦስቱ በዐዋቂው ሰው ላይ መታየት ይኖርባቸዋል። የእንቅርት ዕጢ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲበዛ ወይም ቡና ከልክ ሲያልፍ ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያመጣ፣ ሐኪም እነዚህን አስቀድሞ ይመረምራል።

ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ ያስቸገረው ነገር የሥጋቱ ርእስ አለመርጋቱ ነው። እባብ የሚፈራ ሰው የሚፈራውን ነገር በጣቱ ሊያሳይ ይችላል። የዚህኛው ሕመምተኛ ግን ዛሬ ስለ ኪራይ፣ ነገ ስለ ልጁ ሳል፣ ከነገ ወዲያ ስለ ጻፈው ደብዳቤ ይሠጋል። የኪራዩ ጉዳይ ቢፈታለት ሥጋቱ አይሞትም፤ ወደ ሳሉ ይዛወራል። እንግዲያው ይህ ሰው የሚፈራው ምንድን ነው?

በካናዳ፣ በኬቤክ ከተማ በሚገኘው የላቫል ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩ ማርክ ፍሪስተን፣ ሚሼል ዱጋ፣ ሮቤር ላዱሰርና ጓደኞቻቸው ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ቀላል ቢመስልም ነገሩን የለወጠ ነው። ርእሶቹን አንድ የሚያደርጋቸው ሁሉም ገና ያልታወቁ መሆናቸው ነው አሉ። ሕመምተኛው የሚሸሸው ክፉውን ነገር ብቻ ሳይሆን አለማወቁን ራሱን ነው። ይህንንም ያልተረጋገጠን ነገር መታገሥ አለመቻል ብለው ሰየሙት። በ1994 ይህን ጠባይ የሚለካ 27 ዐረፍተ ነገሮች ያሉት መጠይቅ በፈረንሳይኛ አወጡ፤ መላሹ ለእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ምን ያህል ከእርሱ ጋር እንደሚስማማ ከ1 እስከ 5 ባለው ቍጥር ያመለክታል። በ2007 ካርልተን፣ ኖርተንና አስመንድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ወደ 12 ዐረፍተ ነገሮች አሳጠሩት፤ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ይኸው አጭሩ ነው። አጭሩ መጠይቅ ሁለት ገጽታዎችን ይለያል፤ አንደኛው የወደፊቱን ሁሉ አስቀድሞ ለማወቅ መጣጣር ሲሆን ሁለተኛው ባልታወቀ ነገር ፊት እጅና እግር መታሰር ነው።

ነገሩን በጥርስ ሕመም መመሰል ይቻላል። ጥርሱ የተቦረቦረ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ይጮኻል፤ ጎኑ የተቀመጠው ግን ያንኑ ውሃ ጠጥቶ ዝም ይላል። የውሃው ቅዝቃዜ ለሁለቱም አንድ ነው። በሥጋትም እንደዚሁ ነው፤ የሁለት ሰዎች ኑሮ እኩል ያልተረጋገጠ ሊሆን ይችላል፤ የሚለያዩት ባልተረጋገጠው ነገር በመነካታቸው መጠን ነው።

እዚህ ላይ አንባቢው «ሕመምተኛው አደጋውን ከመጠን በላይ አጋኖ ስለሚገምት አይደለምን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ይህም አለ፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። በ2020 ላፍሬንየርና ኒውማን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህ ሕመም ያለባቸው 29 ሰዎች የሠጉትን ነገር በየዕለቱ እንዲመዘግቡ አደረጉ፤ ቀጥሎም ከተመዘገበው ውስጥ የትኛው እንደ ደረሰ ተመለከቱ። በአማካይ ከ100 ሥጋት 91ዱ ሳይደርስ ቀረ። የመዝገቡ ውጤት ሥጋቱ ሐሰት መሆኑን ይበልጥ ባሳየ መጠን ሰዎቹም ይበልጥ ተሻሻሉ፤ ስለዚህ መዝገቡ ጠቃሚ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ይህን ቍጥር ከባድ ሥጋት ላለበት ሰው ብታሳየው ወዲያው የሚጠይቅህ «የቀሩት 9ኙስ?» ብሎ ነው። ያቺው «ስ» ተመልሳ መጣች ማለት ነው። ከ100 አንድ ብቻ ቢቀር እንኳ «አንዷስ?» ይላል፤ ምክንያቱም የሚፈልገው ዕድሉ እንዲያንስለት ሳይሆን ፈጽሞ እንዲጠፋለት ነው። ፈጽሞ የሚጠፋ ዕድል ደግሞ በዚህ ዓለም አይገኝም።

አለማወቅ ራሱ እንደሚያስጨንቅ በጤነኞችም ላይ ይታያል። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ተረታችን በከንቱ አልተተረተም። በ2016 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተሠራ አንድ ጥናት 45 ፈቃደኞችን በኮምፒዩተር ላይ ከድንጋይ በታች እባብ መኖሩንና አለመኖሩን እንዲገምቱ አደረገ፤ እባብ በተገኘ ቍጥር እጃቸውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይነካቸዋል። የላባቸውና የዐይናቸው ብሌን ለውጥ ሲለካ፣ ጭንቀታቸው ከፍ ብሎ የተገኘው ንዝረቱ እንደሚመጣ እርግጠኞች በሆኑ ጊዜ አልነበረም። ከፍተኛው ጭንቀት የታየው ይመጣ ወይም አይመጣ ዕድሉ እኩል በሆነበት ጊዜ ነው።

የላቫል ሰዎች የጠየቁት ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። በ1997 ባወጡት ጥናት በጥቍርና በነጭ ብይ የሚሠራ ፈተና ተጠቀሙ፤ ተፈታኙ አንድ ፍርድ ለመስጠት በቂ መረጃ አገኘሁ እስኪል ድረስ ተጨማሪ ምልክት መጠየቅ ይችላል። ነገሩ ግልጥ ሲሆን ወይም ፈጽሞ ድብልቅልቅ ያለ ሲሆን ሰዎቹ አልተለያዩም። መጠነኛ ጥርጣሬ በነበረበት ጊዜ ግን ያልተረጋገጠን ነገር የማይታገሡት ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ምልክት ጠየቁ። ይህ ውጤት ከዕለት ኑሮ ጋር ይስማማል፤ አብዛኛው የቀን ውሎአችን ግልጥም ያልሆነ ፈጽሞም ያልጨለመ፣ በመካከል ያለ ነገር ነውና። በ2000 ደግሞ 42 ሰዎችን በሁለት ቡድን ከፍለው በኮምፒዩተር የሩሌት ጨዋታ አስጫወቱ። የማሸነፍ ዕድላቸው እኩል ቢሆንም፣ ለአንደኛው ቡድን ዕድሉ አለመረጋገጡ የማያስደስት መሆኑን የሚያጎላ ንግግር ይነገረው ነበር። በጨዋታው ውጤት ይበልጥ የሠጋው ይኸው ቡድን ሆነ። ስለዚህ አለመታገሡ ሲነካ ሥጋቱ ይከተላል ለማለት መጠነኛ ማስረጃ ተገኘ።

ሞተሩ እንዴት እንደሚዞር ለማየት አንድ ምሳሌ ወስደን ደረጃ በደረጃ እንከተለው። ምሳሌው የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም፤ በእንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ላይ የሚታየውን ሰብስቤ ያቀናበርሁት ነው።

ወይዘሮዋ 36 ዓመቷ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች። ባሏ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ በአዋሽና በሚሌ አድርጎ ጋላፊ ላይ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ጅቡቲ ይመላለሳል። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው። ባሏ በመንገድ ላይ ባለ ጊዜ በቀን ከዐሥር ጊዜ በላይ ትደውልለታለች። ካላነሣ «ቢገለበጥስ» ትላለች፤ ከዚያም «ቢሞትስ ልጆቹን በምን አሳድጋለሁ»፣ «ቤቱን ቢያስለቅቁኝስ» እያለች ከአንዱ ወደ ሌላው ትሻገራለች። በመሥሪያ ቤቷ የጻፈችውን ደብዳቤ አምስት ጊዜ ታነበዋለች፤ ከዚያም ጓደኛዋን ታስነብባለች። ትልቋን ልጇን ሱቅ አትልካትም፤ ራሷ ትሄዳለች። የታናሿን ሳል በተመለከተ በአንድ ወር ሦስት ክሊኒክ ሄዳለች። በሌላ በኩል ደግሞ እናቷን ለመጠየቅ ወደ ደሴ መሄድ ካሰበች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ «የትኛው ሳምንት እንደሚሻል ገና አልለየሁም» ትላለች።

እነዚህ ነገሮች የተለያዩ ይመስላሉ፤ መደወል፣ ደጋግሞ ማንበብ፣ ሰውን መጠየቅ፣ ሥራን ለሌላ አለመስጠት፣ ውሳኔን ማዘግየት። ነገር ግን ሁሉም አንድ ሥራ ይሠራሉ። የመጀመሪያዎቹ ያልታወቀውን በፍጥነት እንዲታወቅ ለማድረግ የሚጣጣሩ ናቸው፤ የመጨረሻው ደግሞ ካልታወቀው ጋር ላለመገናኘት መሸሽ ነው። መከተልና መሸሽ በአንድ ሰው ላይ አብረው መገኘታቸው ብዙ ጊዜ ቤተ ሰቡን ግራ ያጋባል፤ «ለደብዳቤ እንዲህ የምትተጋ ለእናቷ ግን እንዴት ሰነፈች?» ይባላል። ስንፍና አይደለም።

አሁን ስልኩን ብቻ እንመልከት። ባሏ ያነሣና «ደኅና ነኝ፣ አዋሽ ደረስሁ» ይላታል። ልቧ ወዲያው ያርፋል። ዕረፍቱ እውነተኛ ነው፤ ጉዳቱም የሚመጣው እውነተኛ ስለሆነ ነው። ከዚህ ዕረፍት ሁለት ነገር ትማራለች፤ አንደኛ፣ ከመደወሏ በፊት የነበረው አለማወቅ አደገኛ ነበር፤ ሁለተኛ፣ ከአደጋው ያወጣት መደወሏ ነው። ሁለቱም ሐሰት ናቸው፤ ግን ሐሰትነታቸውን የምታይበት ጊዜ አላገኘችም፤ ሳትደውል ቈይታ አታውቅምና። ደግሞም ማረጋገጫው የሚያገለግለው ለተሰጠበት ቅጽበት ብቻ ነው። «አዋሽ ደረስሁ» ማለት አዋሽን ለቅቆ ስለሚሄድበት መንገድ ምንም አይናገርም። ስለዚህ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አዲስ «ቢሆንስ» ይወለዳል። በዚህ አኳኋን እያንዳንዱ ጥሪ የሚቀጥለውን ጥሪ ይወልዳል።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ አደጋው የተፈጠረ ቅዠት አለመሆኑ ልብ ይባል። ከባድ መኪና ሊገለበጥ ይችላል። ሆኖም መደወሏ የመገልበጡን ዕድል አይቀንሰውም፤ እንዲያውም መሪ የያዘ ሰው ስልክ እንዲያነሣ ስለሚያስገድደው ይጨምረዋል። ይህን ብትነግራት «ዐውቃለሁ» ትላለች። ዕውቀት ጎድሏት አይደለምና።

ከዚህ ሌላ ሞተሩን የሚያግዙ ነገሮች አሉ። ዱጋና ጓደኞቹ በ1998 ባቀረቡት ሐሳብ ሦስት ረዳቶች ተጠቅሰዋል፤ ሥጋት ይጠቅማል ብሎ ማመን፣ ችግር በመጣ ጊዜ እፈታዋለሁ የሚል እምነት ማጣት፣ አስፈሪውን ነገር በሐሳብ ፊት ለፊት ከማየት መሸሽ። በአገራችን ከሦስቱ የመጀመሪያው የበረታ ይመስለኛል። «ካልተጨነቅሁ ምኑን እናት ሆንሁ?» የምትል ሴት ሥጋቷን እንደ ፍቅር ማስረጃ አድርጋ ይዛዋለች፤ ስትተወው ልጆቿን የተወች ይመስላታል። ጎረቤትም «አሳቢ ናት» እያለ ያመሰግናታል።

ሕክምናው የሚጀምረው ሥጋቶቹን በሁለት በመለየት ነው። ወይዘሮዋ ለአንድ ሳምንት ያህል በቀን ሦስት ጊዜ የሠጋችውን በደብተር ትጽፋለች። አከራዩ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኪራይ እንደሚጨምር ነግሯታል፤ ይህ አሁን ያለ ችግር ስለሆነ መፍትሔ ይፈለግለታል። ገቢዋን ትቈጥራለች፣ ከአከራዩ ጋር ትነጋገራለች፣ ሌላ ቤት ትጠይቃለች። «ባሌ ቢሞትስ» የሚለው ግን ዛሬ የሚፈታ ነገር የለውም፤ የሆነ ነገር ስለሌለ። እንደ ኪራዩ ልትፈታው ብትነሣ ማለቂያ የለውም። የዚህ ሕመም አንዱ ምልክት ሁለተኛውን ዐይነት በአንደኛው ዘዴ ለመፍታት ሌሊቱን ሙሉ መድከም ነው።

ለሁለተኛው ዐይነት የሚሰጠው መድኀኒት ሙከራ ነው። ሐኪሙ «አይዞሽ፣ ምንም አይሆንም» አይላትም፤ ይህ ራሱ ሌላ ማረጋገጫ መስጠት ይሆናል። የሚጠይቃት እንዲህ ነው፤ «እርግጠኛ ሳይሆኑ ቢቈዩ ምን ይሆናል ብለው ይገምታሉ?» ግምቷን ትጽፋለች፤ ታደርጋለች፤ ከዚያም የሆነውን ትጽፋለች። በደብተሯ አራት ረድፍ አለ፤ ምን አደርጋለሁ፣ ምን ይደርሳል ብዬ እፈራለሁ፣ በእርግጥ ምን ደረሰ፣ ክፉ ከደረሰ እንዴት ተወጣሁት። አራተኛው ረድፍ ከሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱን ወዲያው እናያለን።

የሚጀመረው ከትንሹ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ወይዘሮዋ ሽንኵርት የምትገዛው ሦስት ሱቅ ዋጋ ሳትጠይቅ ከመጀመሪያው ሱቅ ሆነ። የፈራችው «እታለላለሁ» ብላ ነበር፤ የደረሰውም ጥቂት ብር አስበልጣ መክፈሏ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ትልቋን ልጇን በጽሑፍ ዝርዝር ሱቅ ላከቻት፤ ልጅቱ ዘይቱን ረስታ መጣች፤ ተመልሳ ሄደች። በሦስተኛው ሳምንት ተራ የሆነ ደብዳቤ አንድ ጊዜ ብቻ አንብባ ላከች፤ ምንም አልሆነም። በአራተኛው ሳምንት እንዲሁ የላከችው ደብዳቤ ግን ቀኑ ተሳስቶ ተመለሰ። አለቃዋ «ይስተካከል» ብሎ በእርሳስ ጽፎበት ነበር። ፊቷ ቀላ፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያም ቀኑን አርማ መልሳ ላከችው። ሁሉም ዐሥር ደቂቃ ፈጀ።

ይህ የአራተኛው ሳምንት ስሕተት ከሦስተኛው ሳምንት ደኅንነት ይልቅ ብዙ አስተማራት። ምንም ሳይደርስ የቀረበት ሙከራ የሚያስተምረው «ብዙውን ጊዜ አይደርስም» የሚል ብቻ ነው፤ «9ኙስ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም። የፈራችው ነገር በእርግጥ ደርሶ ሳለ በዐሥር ደቂቃ የታረመበት ሙከራ ግን ለዚያው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። በአራተኛው ረድፍ ላይ «አረምሁት» ብላ ጻፈች። ስለዚህ ልምድ ያለው ሐኪም ሙከራው ሁሉ በሰላም ሲያልቅ ብዙ አይደሰትም፤ መጠነኛ ክፋት የሚያስከትል ሙከራም እንዲኖር ይፈልጋል።

ስልኩ የመጣው በሰባተኛው ሳምንት ነው። ከባሏ ጋር ተስማምተው፣ እርሱ ማታ ለማደር በቆመበት አንድ ጊዜ ሊደውል፣ እርሷ ግን ቀን ላትደውል ተወሰነ። የጻፈችው ግምት «ልጆቹን መመገብ አልችልም፣ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም» የሚል ነበር። ግምቱ ስለ መኪናው ሳይሆን ስለ ራሷ መሆኑን ልብ በሉ፤ የመኪናውን ነገር ሙከራ ሊያረጋግጠው አይችልም፣ የእርሷን ነገር ግን ይችላል። ሁለት ሌሊት በደኅና አለፈ። በሦስተኛው ማታ ስልክ አልመጣም። ልጆቹን አበላች፤ የታናሿን የቤት ሥራ አየች፤ ልቧ እየመታ ዐልጋ ላይ ወጣች፤ 4 ሰዓት ያህል ተኛች። ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ ደወለ፤ ባደረበት ቦታ ኔትወርክ አልነበረም።

ሙከራው የሚበላሽባቸው መንገዶችም አሉ፤ ሁለቱን ብቻ እጠቅሳለሁ። የመጀመሪያው የተሰወረ ማረጋገጫ ነው። ለባሏ አልደወለችም፤ ነገር ግን የሌላውን ነጂ ሚስት «የእናንተስ ደውሏል?» ብላ ጠይቃ ከሆነ ሙከራው አልተደረገም። ይህን ለይቶ ማወቅ የሚቻለው በልቧ ዕረፍት ነው፤ ዕረፍቱ ቀስ እያለ በሰዓታት ከመጣ ታግሣዋለች፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከመጣ ግን ከአንድ ቦታ ማረጋገጫ አግኝታለች። ሃይማኖታዊ ቃል እንኳ በሁለቱም መንገድ ሊነገር ይችላል። «እግዚአብሔር ያውቃል» ማለት አንዳንዱ አለማወቁን ተቀብሎ ነገሩን የሚተውበት ቃል ነው፤ ሌላው ደግሞ ልቡ እስኪያርፍ ሃምሳ ጊዜ የሚደጋግመው ሌላ ስልክ ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሚታየው በድግግሞሹ ነው።

ሁለተኛው ብልሽት ከሐኪሙ ይመጣል። ሕመምተኛው «ይህ ሕክምና በእርግጥ ይሠራልኛል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሐኪሙም ከርኅራኄ የተነሣ «በእርግጥ» ብሎ ይመልሳል። በዚህ ጊዜ ሊያክመው የተነሣውን ነገር በገዛ እጁ መገበው። ትክክለኛው መልስ «ለብዙዎች ሠርቷል፤ ለእርስዎ ግን ሞክረን እናያለን» የሚል ነው፤ ይህም የመጀመሪያው ሙከራ ይሆናል።

ስለ ውጤቱ በቍጥር የምናውቀው ይህን ያህል ነው። በ2000 የላቫል ሰዎች ባወጡት፣ 26 ሕመምተኞች በገቡበት ጥናት፣ ሦስቱ ረዳቶች አብረው ይታከሙ ነበር፤ ሕክምናው ሲያልቅ ከ100 እጅ 77ቱ የሕመሙን መለኪያ ማሟላት አቁመው ተገኙ። በዚያው ዓመት ዱጋና ላዱሰር አራት ሕመምተኞችን በየዕለቱ በተከታተሉበት ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በአብዛኞቹ ላይ አስቀድሞ የተለወጠው አለመታገሡ ሲሆን የሥጋቱ መቀነስ ተከትሎ መጣ። የቅደም ተከተሉ ነገር ለዚህ ሐሳብ ትልቅ ድጋፍ ነው፤ የሰዎቹ ቍጥር ማነሱ ግን መዘንጋት የለበትም። በ2022 የዱጋ ቡድን ረዳቶቹን ሁሉ ትቶ፣ ከላይ የተገለጸውን የሙከራ ዘዴ ብቻ በ12 ሳምንት ለ60 ሰዎች ፈተነው፤ ተራቸውን ከሚጠብቁት ጋር ሲነጻጸሩ በግልጥ ተሻሽለው ተገኙ። ተራ ከመጠበቅ መሻል ግን ከሌላ ሕክምና መሻል ማለት አይደለም።

ሐሳቡ የሚነቀፍባቸውም ነጥቦች አሉ። ያልተረጋገጠን ነገር አለመቻል በዚህ ሕመም ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ እጁን ደጋግሞ በሚታጠበው፣ ሰው ፊት መቅረብ በሚፈራው፣ በትካዜ ሕመም በተያዘውም ላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ አንድ ሰው ለምን ወደዚህኛው ሕመም እንጂ ወደዚያኛው እንዳልሄደ ብቻውን አያስረዳም። ሁለተኛም፣ የ27ቱ ዐረፍተ ነገሮች መጠይቅ ስለ አለመታገሥ ሲጠይቅ በከፊል ስለ ጭንቀትም አብሮ ይጠይቃል፤ እንግዲህ ሁለቱ በቍጥር አብረው ሲሄዱ ቢገኙ ከፊሉ ተዛምዶ ከመጠይቁ አሠራር የመጣ ነው። በእኔ አስተያየት ከመጠይቆቹ ይልቅ የሩሌቱና የአራቱ ሕመምተኞች ጥናቶች ክብደት የሚሰጣቸው ስለዚህ ነው፤ እነዚህ አብሮ መሄድን ብቻ ሳይሆን ማን ማንን እንደሚቀድም ለማየት ሞክረዋልና።

ደግሞ የሕመሙ ስም የማይገባበት ቦታ አለ። በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ተጀምሮ ስልክ በተቋረጠ ጊዜ፣ በአዲስ አበባም በውጭ አገርም የነበሩ ብዙ ሰዎች ወላጆቻቸው ይኑሩ ይሙቱ ሳያውቁ ወራት ቈይተዋል። በየዕለቱ የማይነሣ ስልክ የሚደውል ሰው በዚያ ጊዜ ደብተርና አራት ረድፍ አያስፈልገውም ነበር። በዚያ ያልታወቀው ነገር ትልቅ፣ አደጋውም ቅርብ ነበርና የልቡ መንጠልጠል ከነገሩ መጠን ጋር ይመጣጠናል። ሐኪሙ መጠየቅ ያለበት ስልኩ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ የወላጆቹን ድምፅ የሰማው ሰው መደወሉ በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ሄደ ወይስ ከዓመት በኋላም በየሰዓቱ ይደውላል?